የቀብር ማስታወቂያ በሰላምታ ምስል ሲዋጥ

ጥያቄ፦ «የሰፈራችን እድር የቴሌግራም ግሩፕ አለው። 86 አባላት ነን፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የአበባ ምስል፣ በየበዓሉ ሥዕል፣ ‹ለ12 ሰው ላኩ› የሚል መልእክት ይጎርፋል። ባለፈው ወር ቀብር ከ9 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት መዞሩን ጽፌ ነበር። እዚያ መሃል ጠፋና ብዙ ሰው ቀብሩ ካለቀ በኋላ መጣ። ላኪዎቹ አብዛኞቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። ሳላስቀይም ምን ልበል?»

ምላሽ፦

ግሩፑ ላይ እስካሁን ምንም ካልጻፉ፣ ለጊዜው አይጻፉ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያው መልእክት ነው። ጸሐፊው አንድ ቀን ይመረውና «እባካችሁ አላስፈላጊ ምስል አትላኩ» ብሎ ይለጥፋል። ከዚያ በላይ ያለው መልእክት ደግሞ አንዲት እናት ከሩብ ሰዓት በፊት የላኩት የማርያም ሥዕል ነው። ስማቸውን ማንም አልጠራም። ግን ለማን እንደተባለ ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ወዲያው ነገሩ የማስታወቂያ መሆኑ ይቀርና «የእመቤቴን ሥዕል አላስፈላጊ አለው» ይሆናል። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ለማብረድ ሽማግሌ መላክ ሊያስፈልግ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ተረጋግተው ግሩፑን ያንብቡ። ሁለት ሳምንት ያህል ወደ ኋላ ይሂዱ። ሰው ሁሉ የሚልክ ይመስላል እንጂ፣ እኔ ባየኋቸው የእድር ግሩፖች አብዛኛውን ምስል የሚልኩት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። የቀሩት ተከታዮች ናቸው። ሌላም ነገር ያያሉ። ማስታወቂያውን ወደ ላይ ገፍቶ የሚያጠፋው ምስሉ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚመጣው መልስ ነው። በ12 ጠዋት አንድ የሚካኤል ሥዕል ይለጠፋል። ከዚያ «አሜን»፣ «አሜን እማዬ»፣ «ለሁላችን ያድርግልን»፣ የተጋጠሙ እጆች፣ ጽጌረዳ። አንድ ሥዕል ሃያ መልስ ይጎትታል። የእርስዎ የሰዓት ለውጥ ያለቀው እዚያ ሥር ነው።

ቀኑንም ልብ ይበሉ። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፤ በየሳምንቱ ደግሞ አርብ «ጁምዓ ሙባረክ»። ግሩፑ የሚጥለቀለቀው በእነዚህ ቀናት ነው። የባለፈው ወር ቀብር በየትኛው ቀን እንደዋለ ተመልሰው ይዩት። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ወድቆ ቢያገኙት አይገረሙ።

አሁን ወደ ላኪዎቹ። ይህን ክፍል ቸኩለው እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ፤ የሚናገሩት ቃል ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልጆቻቸው ውጭ አገር የሄዱባቸው፣ ባላቸው ያረፈባቸው፣ ጉልበታቸው ይዟቸው ከቤት የማይወጡ እናት ጠዋት ምስል ሲልኩ፣ ደህና ማደራቸውን እየነገሩ ነው። «አሜን» ሲባሉ ደግሞ ሰው እንዳልረሳቸው ያውቃሉ። አንድ ቀን ሳይልኩ ቢቀሩ «ምነው ዛሬ ጠፉ?» ብሎ የሚደውል ጎረቤት አለ። ይህ ራሱ የእድር ሥራ ነው። ስለዚህ «ይቅር» የሚለው ቃል ከአፍዎ አይውጣ። ሰላምታው አይቀርም፤ ቦታ ይቀይራል።

ቦታው ደግሞ ከመናገርዎ በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛ ግሩፕ ይክፈቱ። ስሙ ሞቅ ያለ ይሁን፤ «የሰፈር ቡና» ሊሉት ይችላሉ። «ልዩ ልዩ» ወይም «የማይመለከቱ መልእክቶች» የሚል ስም ግን አያውጡለት፤ ማንም ሰው ወደ ቆሻሻ መጣያ መላክ አይወድም። ከኮሚቴው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ገብቶ ጠዋት ጠዋት መልስ ይስጥ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል። ግሩፑን ይከፍታሉ፣ ሊንኩን ይለጥፋሉ፣ እነሱ ግን አይገቡም። እናትየዋ ሥዕላቸውን ይልካሉ፤ «አሜን» የሚል የለም። በሳምንቱ ወደ እድሩ ግሩፕ ይመለሳሉ፤ እውነት አላቸው። ሰው ሰላምታ የሚልከው ሰው ወዳለበት ነው። ቀልጠፍ ያሉ ሁለት ወጣቶችን ይመድቡና ለመጀመሪያው ወር በየጠዋቱ እዚያ እንዲመልሱ ያድርጉ።

ከዚያ ስልክ ያንሱ። አብዝተው ለሚልኩት ለሦስት አራቱ አንድ በአንድ ይደውሉ። ቢቻል ቤታቸው ጎራ ይበሉ። በጽሑፍ አይሁን፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ በመነጽር የሚያነብ ሰው ደግሞ ቁጣ ሊመስለው ይችላል። አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን፦

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የደወልኩት። ባለፈው ቀብር ሰዓቱ መዞሩን ብዙ ሰው ሳያይ ቀረ። ሐዘንተኞቹ ሰው አጥተው በጣም ከፋቸው። እንዳይደገም ያንን ግሩፕ ለለቅሶና ለእድር ጉዳይ ብቻ ልናደርገው አስበናል። ለሰላምታና ለጨዋታ ሌላ ከፍተናል። እርስዎ ቀድመው ቢገቡልኝ ሌላው ይከተላል። ምን ይመስልዎታል?»

እዚህ ውስጥ «የእርስዎ ምስል» የሚል አንድም ቦታ የለም። የደረሰው ጉዳት አለ፤ የታሰበ መላ አለ፤ የእሳቸው ድርሻ አለ። ድርሻውም መቅረት አይደለም፣ መጀመር ነው። ምናልባት ዝም ካሉ በኋላ «ለካ የበጠበጥኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። «አይ፣ ምንም አይደል» ብለው አያልፉት። «እኔም ‹አሜን› እያልኩ አብሬዎት ነበርኩ እኮ፣ ሁላችንም ነን» ይበሏቸው። እውነት ከሆነ ማለቴ ነው። ከዚያ ስልካቸውን ተቀብለው አዲሱን ግሩፕ እዚያው ያስገቡላቸው፤ ከዝርዝሩ ላይኛው ቦታ እንዲቀመጥም ያድርጉት። ብዙ ጊዜ ሰው የሚልከው ላይ ወዳገኘው ግሩፕ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ግሩፑ ላይ የሚጻፈው። የሚጽፈውም እርስዎ አይደሉም፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። በእድሜም በሥልጣንም ከላኪዎቹ የማያንስ ሰው ሲናገር ትእዛዝ ቢመስል እንኳ ወግ አለው። ከወጣት ጸሐፊ ሲመጣ ግን ተግሣጽ ይመስላል። መልእክቱን እርስዎ አርቅቀው ይስጧቸው፤ በራሳቸው ስልክ ይለጥፉት። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልን፣ የእድራችን አባላት። በባለፈው ቀብር የሰዓት ለውጡ ለብዙዎቻችን ሳይደርስ ቀርቷል። ይህ እንዳይደገም ኮሚቴው ተነጋግሯል። ከሰኞ ጀምሮ ይህ ግሩፕ እንደ እድራችን ጥሩምባ ይሁን፤ ሲጮህ ለቅሶ፣ ስብሰባ ወይም መዋጮ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሰላምታና መልካም ምኞት የምንለዋወጥበት ‹የሰፈር ቡና› የሚባል ግሩፕ ከፍተናል፤ ሊንኩ ከታች አለ። መግባት ያስቸገረው ለጸሐፊው ይደውል። ለቅሶ የደረሰበት ሰው በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ለእኔ ወይም ለጸሐፊው ይደውል።»

ጥሩምባውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የእርስዎ ላኪዎች በጥሩምባ ያደጉ ሰዎች ናቸው። ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ማንም ተነሥቶ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሰላም አደራችሁ ለማለት ጥሩምባ የነፋ ግን የለም። ስለ ኖቲፊኬሽን ረጅም ማብራሪያ ከመስጠት ይህን አንድ አረፍተ ነገር ማለት ይበልጣል።

በመልእክቱ ውስጥ የሌሉትንም ይዩ። «ሥዕል» የለም፣ «ጁምዓ» የለም፣ «ሃይማኖታዊ» የለም። ክርስቲያንም ሙስሊምም ባለበት እድር አንዱን በስም ከጠሩ ሌላው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ጥፋተኛም የለም። «ክልክል ነው»፣ «እናስወጣለን» የሚልም የለም። ቅጣት የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው መተዳደሪያ ደንቡና ጠቅላላ ስብሰባው ነው።

የሚለጠፍበትን ሰዓት ይምረጡ። ከአንድ ሰው ምስል ሥር ወዲያው አይሁን። በበዓል ቀን፣ በ21፣ በአርብም አይሁን። ለቅሶ ባለበት ሳምንትም አይሁን። ማታ 2 ሰዓት ገደማ፣ ግሩፑ ጸጥ ባለበት ቀን ጥሩ ነው። ከተለጠፈ በኋላ ወጣቶቹ «ተገላገልን» እያሉ እንዳይስቁ አስቀድመው ይንገሯቸው። አንድ የሳቅ ምልክት የሳምንት ሥራዎን ያፈርሰዋል።

አንድ ሰው «ሰላምታ ማንን ጎዳ?» ብሎ ቢጽፍ እርስዎ አይመልሱ። ያስቀየመውን ነገር በስልክ ይስሙት። ግሩፑ ላይ ዳኛው አንድ ጊዜ ብቻ «ሰላምታው ለሁላችንም ያስፈልገናል፣ ለዚህ ነው ቦታ የሰጠነው» ይበሉና ይቁም። ክርክሩ ከቀጠለ ራሱ የሚቀብረው ማስታወቂያ ይኖራል።

«ለ12 ሰው ላኩ» የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሰላምታ ጋር አንድ ላይ አይጨፍልቁት። ሰላምታ የሚልክ ሰው ፍቅር ይዞት ነው። ይህን የሚልክ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፈርቶ ነው። መልእክቱ «ችላ ያለ አንድ ሰው እንዲህ ሆነ» ይላል፤ እሳቸውም ባምንም ባላምንም ብለው ያስተላልፋሉ። «ውሸት ነው» ማለት ፍርሃቱን አያወጣውም። የሚሻለው «ይህን የንስሐ አባትዎን ጠይቀውት ያውቃሉ? እሳቸው ምን ይላሉ?» ማለት ነው። ለሙስሊም አባል ደግሞ የሚያከብሩት ኡስታዝ ወይም ሼህ አለ። ካህኑ ወይም ሼሁ አንድ ጊዜ «ይህ ትእዛዝ የለብዎትም» ካሉ ነገሩ ያበቃል፤ የእርስዎ ክርክር ግን አያበቃውም። «እርስዎ ጋ ሲደርስ ለእኔ ብቻ ይላኩልኝ፣ እኔ ጋ ይቁም» ማለትም ይረዳል። ግዴታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል፣ ሰንሰለቱም እርስዎ ጋ ይበጠሳል።

በባንክ ወይም በቴሌ ስም «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ተጭነው ለሌሎች ያስተላልፉ» የሚል ሊንክ ሲመጣ ግን ይሉኝታ አያስፈልግም። ወዲያው ያጥፉት። ቴሌግራም ላይ አስተዳዳሪ የሌላ ሰውን መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ይችላል። ከዚያ ለላኪው ይደውሉና ሊንኩን ነክተውት እንደሆነ፣ የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የመጣ ቁጥር አስገብተው እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ጥሪ እንኳን ሊያስቀይም፣ ምስጋና ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ ራሱ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ልንገርዎት።

አንደኛው የፎቶ ፈቃድ ነው። ግሩፑን ለማስተካከል ሲገቡ `Permissions` የሚል አለ። እዚያ ውስጥ አባላት ጽሑፍ መላክ እየቻሉ ፎቶ፣ ቪዲዮና ስቲከር ብቻ እንዳይልኩ ማድረግ ይቻላል። ጽሑፍ ክፍት በመሆኑ ለቅሶ የደረሰበት ሰው መጻፍ ይችላል፤ «ነፍስ ይማር» ማለትም ይቻላል። ግን ሳይነገር እንዳይዘጉት። ያላወቀ ሰው ሥዕሉ አልሄድ ሲለው ስልኩ የተበላሸ ወይም ከእድሩ የተባረረ ይመስለዋል። ሌላም አለ፦ መዋጮ በባንክ የሚያስገቡ አባላት የደረሰኙን ፎቶ እዚያው ግሩፕ ላይ ይለጥፉ ይሆናል። ፎቶ ከዘጉ ደረሰኝ በቀጥታ ለገንዘብ ያዡ እንደሚላክ በዚያው ቀን ያሳውቁ። ለገንዘብ ያዡም ይሻላል፣ የሰው ሒሳብ ቁጥርም አደባባይ አይወጣም።

ግሩፑን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ አስተዳዳሪ ብቻ እንዲጽፍ ማድረግም ይቻላል። ለ86 ሰው እድር ግን አልመክረውም። ሰው ሲሞት ጎረቤት ማጽናናት ይፈልጋል፤ አፉን ከዘጉበት ግሩፑ የመንግሥት ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ፒን ነው። የለቅሶ ማስታወቂያ እንደወጣ ስልሳ «ነፍስ ይማር» ይከተላል። ይህ መቅረት የለበትም፣ የቀብሩን ሰዓት ግን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ይጫኑትና `Pin` ያድርጉት፤ ለሁሉም አባል እንዲያሳውቅ የሚለውን ምርጫም ይምረጡ። እንዲህ ሲደረግ ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደረገ ሰው እንኳ ማሳወቂያው ይደርሰዋል። በምስል ብዛት ተሰላችቶ ድምፁን የዘጋ አባል ብዙ ነው፤ እሱን የሚያገኙት በዚህ ነው። ነገር ግን ለለቅሶና ለሰዓት ለውጥ ብቻ ይጠቀሙበት። ለስብሰባ ማስታወሻም፣ ለእንኳን አደረሳችሁም ፒን ካደረጉ ሰው ይህንንም መዝጋት ይማራል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ያንሱት፤ የወር በፊት ሰዓት ተሰቅሎ ከቆየ የሚሳሳት አይጠፋም።

ሦስተኛው የባለፈውን ወር ስሕተት በቀጥታ ይነካል። የሰዓት ለውጥን የድሮውን መልእክት በማረም ብቻ አያሳውቁ። የታረመ መልእክት እንደ አዲስ አይጮህም፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ተመልሶ አያየውም። አዲስ መልእክት ይጻፉ፣ የድሮውን ከፒን ያውርዱ፣ አዲሱን ይስቀሉ። አጻጻፉም ይቀየር። ስልኩ ላይ በማሳወቂያ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። «ውድ የእድራችን አባላት፣ እንደሚታወቀው...» ብለው ከጀመሩ ሰዓቱ አይታይም። ይልቅ እንዲህ፦

«ሰዓት ተቀይሯል፦ ቀብር ዛሬ 7 ሰዓት። 9 ሰዓት የተባለው ቀርቷል። ድንኳኑ ሐዘንተኞቹ ቤት ነው። ከቤት የምንነሣው 6 ሰዓት ከሩብ ነው።»

የሟች ስምና የቤተሰቡ ሁኔታ ከዚህ በታች ይከተላል። ክብር የሚጎድል ይመስላል፣ አይጎድልም፤ ሰዉ በሰዓቱ መገኘቱ ነው ለሐዘንተኛ ክብሩ።

የእናንተ ግሩፕ ከ100 በታች መሆኑ አንድ ጥቅም ይሰጥዎታል። በዚህ መጠን ባለ ግሩፕ ቴሌግራም የላኩትን መልእክት ማን እንዳየው ያሳያል፤ ከተላከ በኋላ ለሰባት ቀን ያህል ማለት ነው። የራስዎን መልእክት ሲነኩት ወይም እንደ ስልኩ ዓይነት ተጭነው ሲይዙት ያዩት ሰዎች ዝርዝር ይመጣል። የሚቀጥለው ለቅሶ ሲደርስ ማስታወቂያውን ለጥፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይህን ይክፈቱ። ስንት ሰው አይቶታል? ሥራዎ መሳካቱን የሚያውቁት በዚህ እንጂ ምስል በመቀነሱ አይደለም። ምስሉ ጠፍቶ ማስታወቂያውን ግማሹ ሰው ካላየው ችግሩ ሌላ ነው፤ ምናልባት ዳታ የሌላቸው፣ ስልካቸውን ልጅ የሚይዝባቸው ሰዎች ናቸው።

በኋላ አንድ ሁለት ሰው ረስቶ ሥዕል መላኩ አይቀርም። ለፋሲካ ወይም ለኢድ ደግሞ ብዙው ይልካል። በዓል ሲሆን ዳኛው ራሳቸው ጠዋት በማለዳ በኮሚቴው ስም አንድ የእንኳን አደረሳችሁ ጽሑፍ ይለጥፉ፤ ለሁለቱም እምነት በዓላት እኩል። ሰዉ መልካም ምኞቱ እንደተነገረለት ያውቃል፣ የቀረውን ወደ «የሰፈር ቡና» ይወስደዋል። በሌላ ቀን የረሳ ሰው ሲኖር ምስሉን በዝምታ አያጥፉ። ይደውሉና «እማማ፣ የዛሬዋ ወደ ትልቁ ግሩፕ መጣችብኝ፤ ወደ ቡናው ላሻግራት?» ይበሉ። ሲፈቅዱ ያሻግሩት፣ ከዚያ ያጥፉት።

ማየት ላልቻሉት አባላት ደግሞ አሁኑኑ ዝርዝር ያውጡ። ከ86ቱ ውስጥ ስልኩን አዘውትሮ የማይከፍት ማን ነው? ምናልባት አሥር ሰው ይሆናል። ለእያንዳንዱ አንድ ጎረቤት ይመድቡና ለቅሶ ሲኖር በር እንዲያንኳኳ ወይም እንዲደውል ያድርጉ። የጎረቤቶቹን ስምና ስልክ ለዳኛውም ይስጧቸው፤ እርስዎ ከከተማ የወጡ ቀን ለቅሶ ሊደርስ ይችላል።